የአሥር ዓመት ባልደረቦቼ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ውድ ባልደረቦቼ፣

በጥቅምት 2008 ዓ.ም. እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ ደርቤ፣ በደብረ ብርሃን የማለዳ ውርጭ እጄ ደንዝዞ ወደ እንስሳት ጤና ክፍላችን የገባሁባት ቀን ትናንት ትመስለኛለች። ዛሬ፣ ልክ አሥር ዓመት ሲሞላ፣ የክትባት መዝገቡንና የማቀዝቀዣውን ቁልፍ አስረክቤ፣ የርክክብ ቅጹ ላይ ፈርሜ ወጥቻለሁ። የምሄደው እናቴ ወዳለችበት ወደ መሀል ሜዳ ነው፤ ዕድሜዋ ስለ ገፋና ብቻዋን ስለሆነች፣ ከእንግዲህ አጠገቧ መሆን እንዳለብኝ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። ሥራውንም እናንተንም ጠልቼ እንዳልሄድኩ ሁላችሁም ታውቁልኛላችሁ።

የተቀጠርኩበት ዓመት ዝናብ የቀረበት፣ ገበሬው መኖ አጥቶ በጎቹን ባገኘው ዋጋ የሸጠበት ነበር። በትምህርት ቤት የተማርኩት ሁሉ በዚያ ዓመት ከሜዳው ጋር አልገጥም ብሎኝ ሲያስጨንቀኝ፣ የከሳችን በግ ከታመመች በግ በዓይንና በእጅ እንዴት እንደምለይ ያሳያችሁኝ እናንተ ናችሁ። ስማችሁ በአደባባይ እንዲጻፍ እንደማትወዱ ስለማውቅ በስም አልጠራችሁም፤ ይህን ስታነቡ ግን እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ታገኛላችሁ።

አንዱን ቀን ለብቻው ላንሣው። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተሰጠ እንደሚበላሽ እያወቅኩ፣ በመጀመሪያው ዘመቻዬ ሰዉ በጎቹን ነድቶ ሳይሰበሰብ በችኮላ በጠበጥኩት። ገበሬዎቹ ከቀብር ሲመለሱ ቀኑ መሽቶ፣ ከቢሾፍቱ ድረስ በበረዶ ሣጥን ተጠብቆ የመጣው መድኃኒት በእጄ ላይ ከንቱ ሆኖ ቀረ። በሰው ፊት አንድ ክፉ ቃል ሳይናገሩኝ ወደ ጎን ወስደው ስህተቴን ያስረዱኝ ዶክተራችንና፣ ሌላ ክትባት ይዘን ጎህ ሳይቀድ እንድንመለስ ሌሊቱን በዚያ ጭቃ መንገድ የነዱት ጋሼ ሾፌራችን፣ ለእኔ የዋሉልኝን ውለታ እነሱ ረስተውት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጡትን አዳዲስ ልጆች ሳስተምር ድምፄን ከፍ ላለማድረግ የጣርኩት እናንተን አይቼ ነው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲናን አልፎ ሲጠጋና እናቴን በስልክ ማግኘት ሲያቅተኝ ደግሞ፣ የመጋዘን ኃላፊያችን እትዬ በየማታው ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አሳደሩኝ። እናቴ ደህና መሆኗን የሰማሁ ዕለት ከእኔ በፊት ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ። አባቴ ባረፈ ጊዜም ጣርማ በርን ተሻግራችሁ፣ በሞላሌ በኩል ያን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ፣ ሣልስቱን ከቤተሰቤ ጋር የተቀመጣችሁትን የመንዝ ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ያነሱታል። የሥራ ባልደረባ የሚለው ቃል ለዚህ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ የተሻለ ግን አላገኘሁለትም።

በእነዚህ ዓመታት በመስክ ዕቅድ፣ በተረኝነት፣ በውሎ አበል የተከራከርንባቸው ቀኖች ነበሩ። አንዱንም ቂም አድርጌ አልያዝኩትም፤ አብዛኛውም በማግሥቱ የቡና ሰዓት ላይ፣ የገብሱ ቆሎ ሲዞር አልቋል። እኔም ሳላውቅ ወይም በድካም ያስቀየምኳችሁ ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ። በተለይ የጽዳት ሠራተኛችንን እኅቴን፣ በጭቃ ጫማዬ ስንት ጊዜ ያጸዳችውን ወለል እንዳቆሸሽኩባት ሳስብ ይቆጨኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም።

መሀል ሜዳ ለክትባት ዘመቻ ስትመጡ ማደሪያ አትፈልጉ። የእናቴ ቤት ሰፊ ነው፣ ባናውም ሙቅ ነው፤ ሣጥኑን የምታሳድሩበት ጥላ ያለው ጓዳም አለ። በጎቹን አሰልፎ የሚይዝላችሁ ሰው ከፈለጋችሁም እኔ አለሁ።

ቁልፉን ለተረከበችው ታናሽ እኅቴ አንድ ነገር በመዝገቡ ላይ መጻፍ ዘንግቻለሁ፦ የትልቁ ማቀዝቀዣ በር ጎማው ስለላላ፣ ማታ ስትወጪ በጉልበትሽ ገፋ አድርገሽ ዝጊው፤ ቴርሞሜትሩም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆኑን ሳታዪ አትሂጂ።