ስለ መስጂዳችን ጣሪያ፦ ለጀመዓችን በሙሉ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

ሰሞኑን ለሶላት የመጣ ሁሉ አይቶታል። ሦስተኛው ሶፍ ላይ፣ በግራ በኩል ሁለት ባልዲ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ኢሻ ላይ ሱጁድ ወርደን ሳለ ጠብታው ባልዲው ውስጥ ሲያርፍ ይሰማ ነበር። በሴቶች በኩል ደግሞ ኮርኒሱ ውሃ ይዞ አብጧል። ከሥሩ ያለውን ምንጣፍ ጠቅልለን አንስተነዋል። እናቶቻችን አሁን የሚሰግዱት በቀረችው ቦታ ተጨናንቀው ነው።

አናጺ ወጥቶ እንዲያየው አደረግን። ቆርቆሮው ምስማር በተመታበት ቦታ ሁሉ ዝጎ ተበልቷል። አሸንዳው በቅጠል ስለተደፈነ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሦስት እንጨቶች በስብሰዋል። የኋላው ግማሽ ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ስለዚህ ሙሉውን አንነቅልም፤ የተበላሸውን ብቻ እንቀይራለን።

ለዚህ የእናንተን እገዛ እንፈልጋለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንበል።

ያኔ ምንጣፍ የቀየርን ጊዜ፣ የሰጡ ሰዎችን ስምና መጠን በማይክ አንብበን ነበር። ሌላው እንዲበረታታ ብለን ነው። ከዚያ በኋላ ከፊት ሶፍ የማይጠፉ አንድ አባት ሁለት ጁምዓ ቀሩብን። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው «እጄ ባዶ ሆኖ በምን ፊቴ እመጣለሁ?» አሉን። ሰውን ከአላህ ቤት ያስቀረነው እኛው ነን። ያኔ አፉ እንዲሉን ጠይቀናቸዋል። በልቡ እንዲህ የተሰማው ሌላ ሰው ካለም፣ አፉ በሉን።

በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 263 ላይ አላህ የነገረን ግልጽ ነው፦ መልካም ንግግር፣ ማስከፋት ከሚከተለው ሰደቃ ይበልጣል።

ስለዚህ ዘንድሮ ስም አይነበብም። በየቤቱ «ይህን ያህል» ተብሎ የሚመደብ የለም። ሳጥኑም በሶፍ መሃል አይዞርም። ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ፣ ማንም ማንንም በማያይበት ጥግ አስቀምጠነዋል። ደረሰኝ የሚፈልግ ለገንዘብ ያዣችን ይስጥ። በሰሌዳው ላይ የምንለጥፈው ጠቅላላ የተሰበሰበውንና የወጣውን ብቻ ነው።

አሁን እጃችሁ ያጠረ ወንድሞችና እህቶች፣ ለማንም ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። ለቤት ወጪ፣ ለመድኃኒት፣ ለዕዳ የያዛችሁትን እባካችሁ ወደዚህ አታምጡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በምታስተዳድሩት ሰው ጀምሩ ብለዋል። የልጅ ቀለብ ከቆርቆሮ ይቀድማል። የተቸገረ ካለ ደግሞ ኢማማችንን ለብቻቸው ያናግር። ጉዳዩ ከእሳቸው አያልፍም።

ዘካችሁንም ለጣሪያው አትስጡን። ዘካ በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ለተዘረዘሩት 8 ክፍሎች የተወሰነ ነው። አብዛኞቹ ዑለማዎች ደግሞ የመስጂድ ጥገና ከእነሱ ውስጥ አይገባም ይላሉ። የድሃ ሐቅ ነውና ለባለቤቱ ይድረስ። ለጣሪያው የምንጠይቀው ሰደቃ ነው።

አላህ ያሰፋላችሁ ደግሞ ከበድ ያለውን ጫፍ እናንተ ያዙልን። እከሌ ስንት ሰጠ ብላችሁ ወደ ጎን አትዩ። ለአላህ ብሎ መስጂድ የሠራ ሰው አላህ በጀነት ቤት እንደሚሠራለት ሰምተናል። ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ደብቆ የሚሰጥ ሰውም፣ ጥላ በሌለበት ቀን ከሚጠለሉት 7ቱ አንዱ ነው።

ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ አሮጌውን ቆርቆሮ እናወርዳለን። ጉልበትና ጊዜ ያለው ይምጣ፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይሸከማል። ይህም ቢሆን ገንዘብ ላልሰጠ ሰው የተመደበ ሥራ አይደለም። ያልመጣን ሰው የት ነበርክ የሚል አይኖርም። ዱዓችሁ ግን አይለየን።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ጣሪያው የዘንባባ ነበር። በአንድ የረመዳን ሌሊት ዘንቦ አፈሰሰ። እሳቸውም በውሃና በጭቃ ላይ ሱጁድ አደረጉ፤ ሶላቱ ሲያልቅ ጭቃው ግንባራቸው ላይ ይታይ ነበር። ስለዚህ ጣሪያው እስኪጠገን ተረጋግተን እንሰግዳለን። ማንም ተሸማቆ ቤቱ አይቅር።

ባልዲው ሞልቶ ያየ ሰው ብቻ ወደ ውጭ ይድፋልን።

ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።

የመስጂዱ ኮሚቴ