የሰዓዳ መጋዘንና አንዲት «ና»

ይህን የእሳት መድን ጥያቄ ለሕግ ተማሪዎቼ ፈተና ነበር ያዘጋጀሁት። መልሱን ስናርም ግማሹ ክፍል ለባለታሪኳ ለሰዓዳ ሙሉውን ካሳ ሰጣት፤ ግማሹ ደግሞ ባዶ እጇን ሸኛት። መሃል ላይ የቆመ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ጥያቄውንም መልሱንም እዚህ ልጻፈው። ሰዎቹ ፈጠራ ናቸው፤ ሕጉ የእውነት ነው።

ጥያቄው

ሰዓዳ ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። (ድሬ ስለሆንን «አንቱ» ይቅር።) ከሱቋ ጀርባ መጋዘን አላት። ሽርጥ፣ ሻሽ፣ የመጋረጃ ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

መስከረም 2016 ዓ.ም. የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ የሽያጭ ወኪል ሱቋ መጣ። የእሳት አደጋ መድን ልትገባ ተስማማች። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ 3,000,000 ብር ተገመተ፤ የዓመቱ አረቦን 12,000 ብር ሆነ። ሰዓዳ አማርኛ ትናገራለች፤ ማንበቡ ላይ ግን ትቸገራለች። ስለዚህ ወኪሉ እየጠየቃት ቅጹን በራሱ እስክሪብቶ ሞላው።

የቅጹ 9ኛ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ባለፉት 5 ዓመታት የደረሰብዎ ጉዳትና ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ ካለ ይግለጹ።»

ወኪሉ ግን እንደተጻፈው አላነበበላትም።

«ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ ካሳ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«የለም። ሐረር ሳለሁ ግን ትንሽ ነገር ነዶብኝ ነበር።»

«ካሳ ካልጠየቅሽበት አይቆጠርም ባክሽ። እዚች ጋ ፈርሚ።»

9ኛው ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ። እሷም ፈረመች። የሱቁ ሠራተኛ ነጂብ አጠገባቸው ሆኖ ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«ትንሽ ነገር» ያለችው ይሄ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐረር ሸዋ በር አካባቢ በነበራት ሱቅ ሶኬት ነዶ አምስት ጥቅል ጨርቅ ተቃጥሏል። ኪሳራው 40,000 ብር ገደማ ነው። ያኔ መድን አልነበራትም።

ከሳምንት በኋላ የኩባንያው ባለሙያ መጥቶ መጋዘኑን አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ፖሊሲው፣ ማለትም የመድን ውሉ ሰነድ፣ ወጣ።

ጥር 2016 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ከጎረቤት ሱቅ በኤሌክትሪክ ንክኪ የተነሳ እሳት ወደ ሰዓዳ መጋዘን ተሻገረ። 1,500,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነደደ። ጠዋት ላይ ለኩባንያው አስታወቀች። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሳት። «ፍጹም ቅን ልቦናን በመጣስ ሦስት ነገር ደብቀዋል፤ ውሉ ፈራሽ ነው» ይላል። አንደኛ፣ የሐረሩ እሳት። ሁለተኛ፣ መጋዘኑ በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ውሃ የገባበት መሆኑ። ሦስተኛ፣ መጋዘኑ ውስጥ የተገኙ ሦስት ጀሪካን ቲነር። ቲነሩን ወንድሟ ታኅሣሥ ላይ ቤቱን ሊያስቀባ ገዝቶ አስቀምጦባት ነው።

ኩባንያው መክፈል አለበት? ከከፈለስ ስንት?

መልሱ

መጀመሪያ የትኛው ሕግ? አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የመድን ክፍሉን አልነካውም። ስለ ኢንሹራንስ የሚሠራው አሁንም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። አዲሱን አዋጅ ገልብጦ ገልብጦ «ኢንሹራንስ የሚል አጣሁ» ያለ ተማሪ ነበረኝ። ልክ ነው፣ የለም።

ፍጹም ቅን ልቦና የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ዕቃ ስትገዛ ሻጩ የዕቃውን እንከን ሁሉ እንዲዘረዝርልህ አትጠብቅም፤ ዓይንህን ከፍተህ ትገዛለህ። መድን ግን ሌላ ነው። አደጋውን የሚያውቀው መድን ገቢው ነው። መድን ሰጪው የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ገቢው የሚያውቀውን እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል። የኛ ሕግ አንቀጽ 667 የሚለው ይህንኑ ነው፦ ውሉ ሲደረግ፣ ገቢው የሚያውቀውንና ሰጪው አደጋውን እንዲመዝን የሚረዳውን ነገር በትክክል ይንገረው።

ይህን መርህ ያስተማረው የእንግሊዙ የ1766 (እ.ኤ.አ.) የካርተርና የቦኤም ክርክር ነው። ካርተር ሱማትራ ላይ ያለ የአንድ ምሽግ ገዥ ነበር። ምሽጉ በጠላት እንዳይያዝበት መድን ገባ፤ ፈረንሳዮች ያዙት። መድን ሰጪው «ምሽጉ ደካማ መሆኑን ደብቀኸኛል» አለ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ የቅን ልቦናን ግዴታ በደንብ አድርጎ አስረዳ። ከዚያ ለማን ፈረደ? ለካርተር። ሰጪው የሚያውቀውን፣ ወይም ማወቅ የሚገባውን ነገር ገቢው አልነገረኝም ማለት አይችልም አለ። ግዴታው የሁለቱም ነው። ኩባንያዎች ይህን ክርክር በየደብዳቤው ሲጠቅሱ ማን እንደተረታ የሚረሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ ምክንያቶች።

ጎርፉን ቶሎ እንለፈው። ደቻቱ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ይከፍላታል። የ1998ቱን ጎርፍ የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም፤ የሰው ሕይወት የበላ ጎርፍ ነው። ባለሙያው ራሱ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ ፎቶ አንስቷል። ማንም አልጠየቃትም። ፖሊሲውም የእሳት ነው። የደቻቱ ጎርፍ የእሳቱን አደጋ መዝኖ አረቦን ለመተመን ምን ይጨምራል? ምንም። ይህ ምክንያት ደብዳቤውን ለማወፈር የገባ ነው።

ቲነሩ ከበድ ይላል፤ ግን የቀረበው በተሳሳተ በር ነው። አንቀጽ 667 የሚናገረው ውሉ ሲደረግ ስለነበረው ነገር ነው። መስከረም ላይ ቲነር አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ የመጣን ነገር መስከረም ላይ ደበቀች ማለት አይቻልም። በኋላ አደጋው ሲጨምር የማስታወቅ ግዴታ አለ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ አንቀጽ፣ 669 ነው። ኩባንያው በዚያ በኩል መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጀሪካን ቲነር አረቦኑን ያስጨምር ነበር ወይ ብለን እንከራከር ነበር። በኔ ግምት ሰዓዳን የሚያላብ ክርክር ይሆን ነበር። ደብዳቤው ግን ያንን አላነሳም። መደበቅ ነው ያለው፤ መደበቁ ደግሞ የለም።

የቀረው የሐረሩ እሳት ነው። ጉዳዩ ያለውም እዚህ ነው።

ሰዓዳ እሳቱን ታውቀዋለች? አዎ። ሰጪውን ይረዳዋል? ያው ነጋዴ፣ ያው ዕቃ፣ መንስኤውም ኤሌክትሪክ። «40,000 ብር ምን አላት» የሚል አለ። የኪሳራው መጠን ግን አይደለም መለኪያው፤ አረቦኑን ይቀይር ነበር ወይ ነው። ይቀይር ነበር እንበል።

ታዲያ ነግራለች ወይስ አልነገረችም? ወረቀቱ «የለም» ይላል። ነጂብ ግን «ነግራዋለች» ብሎ ይመሰክራል። እዚህ ላይ የሰውየውን ማንነት ማየት ያስፈልጋል። የሽያጭ ወኪል የኩባንያው ሰው ነው፤ ለኩባንያው ይሠራል። ደላላ ቢሆን ኖሮ የገቢው ሰው ነው ተብሎ ነገሩ ይገለበጥባት ነበር። ወኪሉ በሥራው ላይ ሆኖ የሰማውን ኩባንያው ሰማ ማለት ነው። ዳኛው ነጂብን ካመነ ክርክሩ እዚሁ ያልቃል። ኩባንያው 1,500,000 ብሩን ይከፍላል።

ነጂብን ባያምነውስ? ደመወዙን የምትከፍለው ሰዓዳ ናትና ሊሆን ይችላል። ያኔ 9ኛውን ጥያቄ እንደገና እናንብበው። «ጉዳትና ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ»። ይቺ «ና» ሁለት መልክ አላት። ጉዳትም ካሳ ጥያቄም ለየብቻ ይነገሩ ማለት ልትሆን ትችላለች። ካሳ የተጠየቀበት ጉዳት ማለትም ልትሆን ትችላለች። የኩባንያው ወኪል ራሱ የተረዳት በሁለተኛው ነው! ቅጹን ያዘጋጀው ኩባንያው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ አዘጋጅቶ ያቀረበው ውል ሲያሻማ በአዘጋጁ ላይ ይተረጎም ይላል። ቁጥር 1732ም አለ፤ ውል በቅን ልቦና ይተርጎም የሚለው። በዚህ መንገድ የሰዓዳ «የለም» ውሸት አይደለም። ኩባንያው «ባይጠየቅም መናገር ነበረባት» ይል ይሆናል። ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ጥያቄ አዘጋጅቶ የመጣ ሰው፣ ከጥያቄው ውጭ የቀረውን አልፈልገውም ያለ ያህል ነው። ይሄ የኔ አቋም ነው፤ ሌላ ዳኛ 667ን ጠበቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

ጠበቅ አድርጎ አነበበ እንበል። ተማሪዎቼ የወደቁት እዚህ ነው። «አልነገረችም» ማለት «ምንም አታገኝም» ማለት አይደለም። አንቀጽ 668 ሁለት ዓይነት ሰው ይለያል። በክፉ ልቦና ደብቆ ሰጪውን ያሳሳተ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ያለ ተንኮል የተሳሳተ ሰው ግን ውሉ ይጸናለታል። ስህተቱ ከአደጋው በፊት ከታወቀ ኩባንያው አረቦን ሊጨምር ወይም ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ከአደጋው በኋላ ከታወቀ ካሳው የተከፈለው አረቦን መከፈል ከነበረበት አረቦን ጋር ባለው ምጣኔ ይቀነሳል። እንግሊዞች በ1906ቱ የባሕር መድን ሕጋቸው በየዋህነት ያልተናገረውንም ሰው ባዶ እጁን ይሸኙት ነበር፤ ወደ ተመጣጣኝ ቅነሳ የመጡት በ2012ና በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሕጎቻቸው ነው። የኛ የንግድ ሕግ ከፈረንሳይ ወስዶ ቀድሟቸዋል።

ክፉ ልቦናን ማን ያስረዳል? ውሉ ፈራሽ ነው ያለው ወገን፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ነው። ኩባንያው በእጁ ያለው ወኪሉ በራሱ እስክሪብቶ የጻፈው አንድ ቃል ነው። ሰዓዳ ከመደበቋ የምታተርፈው በዓመት ጥቂት ሺህ ብር ነው። ይህን ይዞ ተንኮል ነበረ ብሎ ማሳመን ይከብዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሐረሩ እሳት ቢታወቅ አረቦኑ 15,000 ብር ይሆን ነበር ብሎ ኩባንያው በታሪፉ አስረዳ እንበል። የከፈለችው 12,000 ነው። 12,000 ለ15,000 ሲካፈል 80 በመቶ ነው። የ1,500,000 ብር 80 በመቶ 1,200,000 ብር። ሰዓዳ 300,000 ብር ታጣለች። ታሪፉን ካላቀረበ ደግሞ ቅነሳው የሚቆምበት መሠረት የለውም።

እኔ ጠበቃዋ ብሆን አቤቱታውን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ በዋናነት 1,500,000 ብር፤ ፍርድ ቤቱ አልተነገረም ቢል በአማራጭ 1,200,000 ብር። እሳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መዝገብ አስከፍታለሁ፤ በአንቀጽ 674 ይርጋው እሱ ነውና። ነጂብን በምስክርነት፣ ቅጹን በሰነድ። የወኪሉ የእጅ ጽሑፍ ከሰዓዳ ፊርማ ጋር ጎን ለጎን እንዲታይ ዋናው ቅጽ ከኩባንያው እንዲቀርብ አመለክታለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ላይ የእስክሪብቶው ቀለም አይለይም።

የፈተናው ነጥብ 20 ነበር። አማራጩን ዳኝነት ያልጠየቀ ተማሪ 5 ነጥብ ተቀንሶበታል። ቅሬታ ያለው ቢሮዬ ይምጣ፤ ከሰዓት ከሙቀቱ በኋላ።