በገዛ ፈቃድ ሥራ ለመልቀቅ የቀረበ ደብዳቤ

ቀን፦ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክሊኒካችን ባለቤትና ኃላፊ ለዶ/ር ሙሉጌታ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ

ዶክተር፣ እንደምን አደሩ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ትናንት እሁድ ማታ ነው። ዛሬ ጠዋት ታካሚ ሳይገባ በእጄ ልሰጥዎት ብዬ ነው። በቃል ብጀምረው እንባዬ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ መጻፉ ይሻላል አልኩ።

ነገሩን አላዞርም። ሥራዬን ልለቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠርልኝ። ሰላሳው ቀን ሐምሌ 2 ረቡዕ ይሞላል። እኔ ግን ሳምንቱን ጨርሼ ቅዳሜ ሐምሌ 5 ብወጣ እመርጣለሁ። ቅዳሜ ወረፋው ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፣ በሳምንቱ መሀል ጥዬዎት ብሄድ አንጀቴ አይችልም።

የምሄደው ስዊድን፣ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሕብረተሰብ ጤና የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ተቀብለውኛል። የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ትምህርቱ በነሐሴ መጨረሻ ይጀመራል። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። እሱ ቢዘገይ እንኳ በውሳኔዬ ላይ የሚቀየር ነገር የለም።

ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም ይሉኝ ይሆናል። ጥር ላይ ስመዘገብ ይሳካልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በማታው ክፍል እየተማርኩ ያገኘሁት ዲግሪ እዚያ ድረስ ይወስደኛል ብሎ ማን ይመን? መልሱ ሲመጣ ደግሞ ስኮላርሺፑ ገና ነበር። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ነግሬዎት ሌላ ሰው መፈለግ ቢጀምሩስ ብዬ ፈራሁ። ይህን መደበቄ ከብዶኛል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ደመወዝ ጨምሩልኝ ለማለትም አይደለም። ከሰው ተጣልቼም አይደለም። ምክንያቱን ግን በደንብ ልነግርዎት እፈልጋለሁ፣ ስድስት ዓመት አብረን ስለሠራን በአንድ መስመር "በግል ጉዳይ" ብዬ ማለፍ አይገባኝም።

አምና ሚያዝያ ላይ ከወንጂ የመጣችውን ልጅ ያስታውሷታል? አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ነበር የመጣችው። "ልጄ ክፍል ውስጥ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትናገረው፣ አጽዱልኝ" አለች። ስኬሊንግ ተሠራላት። ድንጋዩ ወጣ፣ ድዷም ንጹሕ ሆነ። ቡናማው ግን እዚያው ነው። ያ ቀለም ላዩ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለማ፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ እያለ፣ ገና ሲሠራ በጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ከደረሰበት ጉዳት የመጣ ነው። መስታወቱን ሰጠኋት። አየችና ከንፈሯን ገጠመች። መስታወቱን በግልባጩ አድርጋ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

እናቷ በር ላይ ያዘችኝ። "ሲስተር፣ ታናሽ እህት አለቻት፣ ሦስት ዓመቷ ነው። ውሃውን እያፈላሁ ብሰጣት ይተዋታል?" አለችኝ። አይተዋትም። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። ይህን ነገርኳት። "ታዲያ ምን ላድርግ?" አለችኝ። የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ፣ ከተማ ስትመጪ በጄሪካን ያዢ አልኳት። ስናገረው ለራሴም መልስ አልመሰለኝም። ጄሪካን ተሸክሞ ከአዳማ ወንጂ በየቀኑ የሚመላለስ ማን አለ? እርስዎ ቀጣዩን ታካሚ ጠሩ፣ እኔም ትሪ ለማዘጋጀት ገባሁ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያች ልጅ በኋላ መዝገብ መያዝ ጀመርኩ። ስም አልጻፍኩም፣ ከየት እንደመጡና ዕድሜያቸውን ብቻ ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ። ካርታ ላይ ባስቀምጣቸው ስምጥ ሸለቆውን ተከትለው ተደረደሩ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ባለሙያዎች ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ የጻፉበት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፣ በዚህ አካባቢ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራው አለት ስለሆነ ማንንም ሰው አልከስም። ግን ሰው የሚጠጣውን ጉድጓድ ማን ለካው? ውጤቱን ለእናትየዋ ማን ነገራት? የከሰለ የከብት አጥንት ውሃ አጣርቶ ፍሎራይድ እንደሚቀንስ ከታወቀ ቆይቷል፣ ታዲያ ማጣሪያው በተተከለበት ሰፈር ሁለተኛውን ዓመት ሳይደፍን ለምን ይቆማል? እነዚህ ጥያቄዎች በእኛ ወንበር ላይ መልስ የላቸውም። እኔ መልሱን መፈለግ ነው የምፈልገው።

አባቴንም ያውቁታል። አምና ለፋሲካ ክሊኒክ መጥቶ ሰላም ሲልዎት አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ነበር ያዞረው። "እርጅና ነው" ብሎ ሳቀ። አባቴ ገና 58 ዓመቱ ነው። ወንጂ አካባቢ ተወልዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ነው ያደገው። ፍሎራይድ ሲበዛና ዓመታት ሲቆይ ጥርስ ላይ አይቆምም፣ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ወገብና አንገት ያደርቃል። የአባቴ ኤክስሬይ ሲነበብ አብሬው ነበርኩ። ሐኪሙ "ወደ ኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም" አለን። ጫማውን የምታስርለት እናቴ ናት።

ኡሜኦን የመረጥኩትም ያለ ነገር አይደለም። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ቡታጅራ ላይ ለብዙ ዓመታት ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት የሚመዘገብበት ጥናት ሲያካሂድ ኖሯል። እኔም እንደዚያ ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ሥራ መማር እፈልጋለሁ። ጨርሼ ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ የሚሆነው ከወንጂ እስከ ባቱ ባሉ ትምህርት ቤቶች የልጆችን ጥርስና የሚጠጡትን ውሃ አንድ ላይ መመዝገብ ነው። ሁሉም ሄዶ ይቀራል እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ እመለሳለሁ። አባቴ እዚህ ነው ያለው።

ዶክተር፣ አንድ ቅር ያሰኘኝን ነገር ሳልናገር ብሄድ ሐቀኛ አልሆንም። በር ላይ የተለጠፈው "ጥርስዎን በአንድ ቀን ነጭ እናደርጋለን" የሚለው ማስታወቂያ ይነሳ። ቡናማ ጥርስ ያላቸው ልጆች እሱን አንብበው ነው የሚገቡት። ለከባዱ ፍሎሮሲስ ማንጻቱ እንደማይበቃ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ወላጅ ብር ከመክፈሉ በፊት ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ ቁርጡ ይነገረው። ባለፈው ዓመት ሳነሳው "እናየዋለን" ብለውኝ ነበር። እባክዎ ከመሄዴ በፊት እንየው።

ይህን ያህል ደፍሬ የምናገረው መናገር የምችልበት ቤት ስለሆነ ነው። ስመጣ ፎርሴፕስ ከፎርሴፕስ አልለይም ነበር። የላይኛውን መንጋጋ ፎርሴፕስ ከታችኛው በአፉ አጣጣፍ እንድለይ ዓይኔን አስጨፍነው በእጄ አስዳሰሱኝ። በነቀላ መሀል መብራት የጠፋ ቀን፣ እኔ ስልኬን ሳበራ እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ "ሐና፣ እኔ አልቸኩልም፣ አንቺም አትቸኩይ" ያሉኝን እስካሁን ሌሎችን ሳስተምር እደግመዋለሁ። ያቺ ሴትዮ ጥርሷ ወጥቶ ጥጡን ነክሳ እየሳቀች ነው የወጣችው። መክፈል ያቃተውን ሰው ካርድ "ለእኔ ተዪው" ብለው ከጠረጴዛዎ ስር ሲያስቀምጡም አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ግን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ርክክቡ። እኔን የምትተካኝ ሰላም ጎበዝ ናት፣ እጇ ቀላል ነው፣ ልጆች ይወዷታል። የቀረኝን ጊዜ ሙሉ አጠገቤ ሆና እንድትሠራ ይፍቀዱልኝ። የሚቀራት አውቶክሌቩ ነው፣ በተለይ መብራት መሀል ላይ ሲቋረጥ ዑደቱን ከመጀመሪያው መድገም እንዳለባት። ወረፋ በዝቶ ሰው ሲያጉረመርም "ሞቋል ይበቃል" የሚል ፈተና ይመጣል፣ እኔም መጥቶብኛል። በቃ አይበቃም። ይህን እኔ ከሄድኩ በኋላም እርስዎ ያስታውሷት።

የማደንዘዣው ክምችት አንሷል፣ ከሐምሌ አጋማሽ አያልፍም፣ ትዕዛዙ በዚህ ሳምንት ይውጣ። የሁለተኛው ወንበር ሳክሽን አሁንም ይንጠባጠባል። የሥር ሕክምና ጀምረው ያልጨረሱ አሥራ አንድ ታካሚዎች አሉ፣ ስማቸውንና ቀጠሯቸውን በሰማያዊው ደብተር ጽፌያለሁ። ከእነሱ ውስጥ ከመቂ የሚመጡት አዛውንት ስልክ የላቸውም፣ በልጃቸው በኩል ነው የሚደወለው። እኔ የለሁም ብለው እንዳይቀሩ ከአሁኑ ከሰላም ጋር አስተዋውቃቸዋለሁ።

ከእርስዎ የምጠይቀው ጥቂት ነው። የአገልግሎት ዘመኔንና የሠራሁትን ሥራ የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይሰጠኝ። ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ቀሪ አለኝ፣ ስንት ቀን እንደሆነ ሒሳብ ክፍል አይቶ ከመጨረሻ ደመወዜ ጋር ያስብልኝ። የጡረታ መዋጮዬም እስከ ሐምሌ ድረስ ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ፣ ይህኛው ከደመወዝ ጋር አይያያዝም። መዝገቤን መውሰድ አልፈልግም፣ እዚሁ ይቅር። ቡናማ ጥርስ ይዞ የመጣ ልጅ ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ከጉድጓድ ይጠጣ ከቧንቧ ሰላም እየጠየቀች ትጻፍ። በአንድ ታካሚ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ስመለስ ከዚያ ነው የምጀምረው። ደብተሩን ከስቴራላይዜሽን ክፍሉ መደርደሪያ ላይ፣ ከጓንቱ ካርቶን ጎን አስቀምጬዋለሁ።

ከአክብሮትና ከምስጋና ጋር
ሲ/ር ሐና ተስፋዬ
የጥርስ ሕክምና ነርስ

ግልባጭ፦
ለሒሳብ ክፍል
ለግል ማህደሬ