ስለ ሆቴሉ ዕቃ ክፍያ ለወ/ሮ ዘሃራ የተጻፈ ምላሽ

ደሴ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ዘሃራ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ የ24 መኝታ ክፍሎችና የምግብ ቤቱ ዕቃ የክፍያ ሁኔታ

እትዬ ዘሃራ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እኛ ደሴ ላይ በጉምና በዝናብ መሃል ነን፤ ከሐረጎ በታች ያላችሁት እንደሚሻላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነሐሴ 12 የላኩልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ዲዛይኑንና ዋጋውን እንዳለ ስለተቀበሉት አመሰግናለሁ። ናሙናውን አልጋ ሊያዩ ሸዋ በር ድረስ መጥተው የኮመዲኖውን መሳቢያ አውጥተው ጀርባውን ሲመረምሩ ሠራተኞቼ በሙሉ ተደስተው ነበር። እንዲህ አይቶ ለሚገዛ ሰው መሥራት እንፈልጋለን፤ ይህን ሥራ ለማጣትም አልፈልግም። የክፍያውን ነገር ግን ባቀረቡት መልክ ልቀበለው አልቻልኩም። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳዎትና ለሁለታችንም ይሆናል ያልኩትን ላቅርብ።

ያቀረቡት 10 በመቶ ቀብድ፣ ቀሪው 90 በመቶ ደግሞ የመጨረሻው ዕቃ ከገባ ከ90 ቀን በኋላ እንዲከፈል ነው። የሥራው ዋጋ 2,600,000 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 390,000፣ በድምሩ 2,990,000 ብር ነው። ስለዚህ ቀብዱ 299,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ዕቃውን ሳስረክብ ደረሰኝ መቁረጥ ግዴታዬ ነው፤ ደረሰኝ ከቆረጥኩ ደግሞ ገንዘቡ ገባም አልገባም ታክሱን በሚቀጥለው ወር አስታውቄ እከፍላለሁ። ቱቦላሬና ስፖንጅ ስገዛ የከፈልኩት ታክስ ይቀናነስልኛል፤ ትልቁ ወጪ የሆነው ዋንዛ ግን ከገበሬ እጅ የሚመጣ ስለሆነ የሚቀናነስ ታክስ የለውም። እንግዲህ ቀብዱን በሙሉ ለመንግሥት ባስገባ እንኳ ለእንጨት የሚተርፍ አይኖርም። ዘጠኝ ሠራተኞች በየቅዳሜው ደሞዝ ይጠብቃሉ፤ ማዘግየት አልችልም፣ ማዘግየትም የለብኝም።

የጥሬ ዕቃው ዋጋም ሌላ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባውን ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያ፣ ቫርኒሽና ኮላ ነጋዴው ዛሬ በሰጠኝ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አያቆይልኝም። ዋጋውን ይዤ መቆየት የምችለው ገዝቼ መጋዘን ሳስገባው ብቻ ነው። የእርስዎን ዋጋ ከፍ ሳላደርግ እስከ ኅዳር ልዘልቅ ከተፈለገ ዕቃውን አሁን መግዛት አለብኝ።

ለ90 ቀኑ ዋስትና እንዲሆን ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ እሰጣለሁ ብለዋል። በቅንነት እንዳሰቡት አውቃለሁ። ነገር ግን ቼክ በሕጋችን ባንክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን አይጠብቅም። በቂ ስንቅ የሌለው ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። በእርስዎና በእኔ መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እንዲከርም አልፈልግም።

አሁን ወደ እርስዎ ሥጋት ልምጣ፤ ዋናው እሱ ይመስለኛልና። ለበርና መስኮቱ ሥራ ግማሹን ገንዘብ አስቀድመው ከፍለው፣ የወሰደው ሰው ወራት ሙሉ ስልክ እንኳ ሳያነሳ እንዳቆየዎት ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ ቀብድ ሲባል ቢከብድዎ አልፈርድም። «እኔ እንደሱ አይደለሁም» ብዬ ብምልልዎ የሚረባዎት ነገር የለም። ስለዚህ ቀብዱ በእኔ ኪስ ሳይሆን በእርስዎ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥበትን መንገድ አስቤያለሁ።

ዋንዛው አሁን መገዛት ያለበት ለዋጋው ብቻ አይደለም። በደሴ ብርድና እርጥበት ተሠርቶ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የሚወርድ እንጨት በደንብ ካልደረቀ በሁለት ወር ውስጥ ይኮማተራል፤ የቁም ሳጥኑ መዝጊያ ይጣመማል፣ የአልጋው ራስጌ መጋጠሚያው ላይ ይከፈታል፣ ቫርኒሹ ይሰነጠቃል። ይህን በብዙ ቤት አይተውታል። እንጨቱ የሚደርቀው አገልግሎት በሚሰጥበት አየር ውስጥ ቢሆን ነው የሚሻለው። ስለዚህ በቀብዱ የሚገዛውን ዋንዛ በሙሉ፣ የይለፍ ወረቀቱ የተሟላለትን፣ ቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ አወርደዋለሁ፤ በሕንፃዎ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በየጣውላው መሃል ቀጭን እንጨት እያስገባን ነፋስ እንዲያገኘው እንደረድረዋለን። ቁጥሩንና ልኩን በሁለት ቅጂ ጽፈን እንፈራረማለን፤ ቁልፉ በእርስዎ እጅ ይሆናል። እኔ የምወስደው ለሥራ በደረሰ መጠን፣ እየፈረምኩ ነው። ጭነቱን መውሰዱም መመለሱም በእኔ ወጪ ነው። ሥራውን ባልፈጽም እንጨቱ የእርስዎ ነው፤ ይህንም በውሉ ላይ እናሰፍረዋለን።

በዚህ ላይ የሚከተለውን ክፍያ አቀርባለሁ። የድርጅቴ ደንብ 50 በመቶ ቀብድ፣ 50 በመቶ በርክክብ ነበር፤ እሱን ትቼዋለሁ። ውሉ ሲፈረም 35 በመቶ፣ ማለትም 1,046,500 ብር ይከፍሉኛል። ታክሱ ሲወጣ 910,000 ይቀራል፤ ይህም ለዋንዛው በሙሉና ለመጀመሪያዎቹ 12 ክፍሎች ቱቦላሬና ስፖንጅ ይበቃል፤ ለእኔ ትርፍ የሚሆን ሳንቲም የለበትም። እነዚህ 12 ክፍሎች እስከ ጥቅምት 20 ተገጥመው ያልቃሉ፤ አይተው ሲረከቡ 25 በመቶ፣ 747,500 ብር። የቀሩት 12 ክፍሎችና የምግብ ቤቱ ወንበርና ጠረጴዛ እስከ ኅዳር 15 ይገባሉ፤ ያን ጊዜ 30 በመቶ፣ 897,000 ብር። የመጨረሻው 10 በመቶ፣ 299,000 ብር፣ ለ45 ቀን በእርስዎ ዘንድ ይቆያል። ይህም ታኅሣሥ 30 ላይ ነው የሚውለው፤ ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣውና የሚመለሰው መንገደኛ አድሮበት፣ አልጋው ሲንቋቋ ወይም መዝጊያው ሲጣበቅ ያለው እንከን ሁሉ ይታያል። እንከን ካለ አስተካክዬ ነው ይህን ገንዘብ የምጠይቀው።

ባንኩ የብድሩን የመጨረሻ ክፍል የሚለቀው ክፍሎቹ ዕቃ ገብቶባቸው ሲያይ እንደሆነ ነግረውኛል። ክፍያውን በየ12 ክፍሉ የከፋፈልኩት ለዚህ ነው፤ ሕንፃው በሙሉ እስኪሞላ ሳይጠብቁ ባለሙያቸውን ጠርተው ማሳየት ይችላሉ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ክፍያ ከርክክቡ በኋላ 10 የሥራ ቀን እታገሣለሁ። ባንኩ ፕሮፎርማም ሆነ የሥራ መርሐ ግብር ቢፈልግ በማኅተም አዘጋጅቼ እልካለሁ። ክፍያው በድርጅቱ ሒሳብ ወይም በሲፒኦ ይሁን፤ ቅድመ ግብሩን በሕጉ መሠረት ቀንሰው ደረሰኙን ይሰጡኛል።

ዋጋው ውሉ ከተፈረመ በኋላ አይነካም፤ ስፖንጅ ቢወደድ፣ ቫርኒሽ ቢጠፋ የእኔ ጉዳይ ነው። በእኔ ምክንያት ከዘገየሁ ለእያንዳንዱ ሳምንት 10,000 ብር ከመጨረሻው ክፍያ ይቀነስ። ይህን ያህል አሳስቦኝ ነው የምጽፍልዎ፤ ሆቴሉ ለገና ካልደረሰ ትልቁን ገበያ እንደሚያጡ ይገባኛል።

35 በመቶው አሁንም ከብዶ ከታየዎት ሌላ መንገድም አለ። ለዋንዛው ነጋዴና ለብረት መደብሩ ገንዘቡን እርስዎ በቀጥታ ይክፈሉ፤ የገዙበት ደረሰኝም በእርስዎ ስም ይሁን፤ እኔ የእጅ ዋጋና የቀረውን ዕቃ ብቻ አስቤ ውሉን አሻሽዬ እጽፋለሁ። ወይም ደግሞ ለቀብዱ የኢንሹራንስ ዋስትና ከፈለጉ አወጣለሁ፤ ወጪውን እኩል እንካፈል። 24ቱን ክፍል ለሁለት ከፍሎ 12ቱን ብቻ አሁን ማዘዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ለቀሪው 12 የዛሬውን ዋጋ ልይዝልዎ አልችልም፣ እውነቱን መናገር ይሻላል። እኔ የምመርጠው አስቀድሜ ያቀረብኩትን የ35 በመቶውን መንገድ ነው፤ እንጨቱ አንድ ጊዜ ተገዝቶ አንድ ላይ ከደረቀ ክፍሎቹ ሁሉ በቀለምም በጥራትም አንድ ይሆናሉ።

ከ35 በመቶ በታች ወርጄ ሥራውን መጀመር፣ ወይም ከርክክብ በኋላ 90 ቀን መጠበቅ ግን አልችልም። ተስማምቼ በመሃል ገንዘብ አጥሮኝ ሥራው ቢቆም ሁለታችንም እንጎዳለን፤ እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ አይተውታል።

ነጋዴው ዋንዛውን ያለ ቀብድ እንዲያቆይልኝ ለምኜው እስከ ነሐሴ 26 እሺ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ብንፈራረም ከመውሊድ በፊት እንጨቱ አዳራሽዎ ውስጥ ይደረደራል። ሐሙስ ነሐሴ 22 ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ የውሉን ረቂቅ ይዤ እመጣለሁ፣ አዳራሹንም ለክቼ እመለሳለሁ። ወንድምዎ ሒሳቡን የሚያዩልዎ ከሆነ አብረው ቢገኙ ደስ ይለኛል፤ የዋጋውን ዝርዝር ከእሳቸው ጋር መስመር በመስመር ለማየት ዝግጁ ነኝ። ሐሙስ የማይመችዎ ከሆነ ደውለው ቀኑን ይንገሩኝ፣ በዚያው ሳምንት ባሉኝ ቀን እመጣለሁ። ከነዚህ ነጥቦች የማይስማማዎት ካለም ከመምጣቴ በፊት ይንገሩኝ፤ አስቤበት እንድመጣ።

አክባሪዎ፣
ካሳሁን
የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ፣ ሸዋ በር፣ ደሴ