ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች፦ ከመግቢያ ፈተናው በፊት ስለ ኢንቴግሬሽን ስህተቶች

ተማሪዎች፣

የሞዴል ፈተናውን አርሜ ጨርሻለሁ። ከመልስ መስጫው ጋር ስሌት የሠራችሁበትን ወረቀት አብራችሁ እንድታስረክቡ ስጠይቅ ያጉረመረማችሁ ነበራችሁ፤ የጠየቅሁት ስህተቱ ከየትኛው መስመር ላይ እንደሚጀምር ለማየት ነው፤ አይቻለሁም። በኢንቴግሬሽን ጥያቄዎች ላይ የጠፋው ነጥብ አብዛኛው ምዕራፉን ባለማወቅ የጠፋ አይደለም። ዘዴውን በትክክል መርጣችሁ፣ ግማሽ መንገድ በደንብ ሄዳችሁ፣ አንድ ቦታ ላይ እጃችሁ በልማድ ይጽፋል።

ፈተና የሚያዘጋጅ ሰው የተሳሳቱትን ምርጫዎች ከሰማይ አያወርዳቸውም። ተማሪ የሚሳሳተውን ስህተት ራሱ እስከ መጨረሻው ሠርቶ የሚወጣውን ቁጥር ያስቀምጣል። ስለዚህ ያገኛችሁት ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል መገኘቱ ትክክል ለመሆናችሁ ማስረጃ አይሆንም። የሞዴሉን ይህን ጥያቄ ተመልከቱ፦

∫₀² x(x² + 1)³ dx

ሁላችሁም ማለት ይቻላል u = x² + 1 ብላችኋል፤ ትክክል ነው። du = 2x dx ስለሆነ x dx = ½ du ይሆናል። ከዚህ በኋላ ነው መንገዱ የሚለያየው። ብዙዎቻችሁ ½ ∫₀² u³ du ጻፋችሁና 2 አገኛችሁ። 0 እና 2 ግን የ x ሊሚቶች ናቸው። ወደ u ከተሻገራችሁ ሊሚቶቹም አብረው መሻገር አለባቸው፤ አለበለዚያ ገንዘቡን ወደ ዶላር መንዝሮ ዋጋውን በብር መቁጠር ይሆናል። x = 0 ሲሆን u = 1፣ x = 2 ሲሆን u = 5። ስለዚህ ½ ∫₁⁵ u³ du = ⅛(625 − 1) = 78። ሊሚቱን በትክክል ቀይረው ½ ን የረሱት ደግሞ 156 አገኙ። 2ም፣ 156ም ከምርጫዎቹ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኋቸው፤ የመግቢያ ፈተናው አዘጋጆችም ከእኔ የበለጠ ይራራሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ሊሚት መቀየር የማትወዱ ከሆነ u ን መልሳችሁ በ x ተክታችሁ በ 0 እና በ 2 አስሉ፤ ውጤቱ አንድ ነው። ሁለቱን መንገዶች መቀላቀል ነው የማይቻለው።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ሌላ ስህተት አለ። ∫ cos 3x dx = ⅓ sin 3x + C ነው፤ 3 sin 3x አይደለም። ዴሪቬቲቭ ስንወስድ በ 3 እናባዛለን፣ ኢንቴግሬት ስናደርግ በ 3 እናካፍላለን። ይህንን በደንብ ያወቁ ጎበዞች ግን ደንቡን ከቦታው ውጭ ይወስዱታል፤ ∫ (x² + 1)² dx ሲመጣ (x² + 1)³ / 6x ብለው ይጽፋሉ። በውስጠኛው ዴሪቬቲቭ ማካፈል የሚቻለው ያ ዴሪቬቲቭ ቋሚ ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ 2x ነው፤ በውጭም የሚያግዘን x የለም። ቅንፉን ዘርዝሩት፦ x⁴ + 2x² + 1፤ ከዚያ x⁵/5 + 2x³/3 + x + C።

ማባዛትን በተመለከተ አንድ ጊዜ ብቻ እናገራለሁ፦ የሁለት ፋንክሽኖች ብዜት ኢንቴግራል የኢንቴግራሎቻቸው ብዜት አይደለም። ∫ x cos x dx ላይ (x²/2) sin x የጻፋችሁ፣ መልሳችሁን ዴሪቬት አድርጉና ምን እንደሚወጣ እዩት። ትክክለኛው x sin x + cos x + C ነው።

በኃይል ደንቡ xⁿ⁺¹/(n + 1) ላይ n = −1 አይሠራም፤ ይህ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ∫ 1/x dx = ln|x| + C። የሚገርመኝ ተቃራኒው ነው። 1/x² ሲያዩ ክፍልፋይ ስለሆነ ብቻ ln(x²) የሚሉ አሉ። x⁻² ብላችሁ ጻፉት፣ −1/x + C ይወጣል። በ √x ላይም እንዲሁ መጀመሪያ x^(1/2) አድርጉት፤ በ 3/2 ማካፈል በ 2/3 ማባዛት ነው።

አሁን ወደ ዜሮ። የታችኛው ሊሚት 0 ሲሆን «ዜሮ ስለሆነ ይቀራል» ብሎ የመዝለል አመል አለባችሁ። በ x² እና በ x³ ስለለመዳችሁ ነው። ∫₀^π sin x dx = [−cos x] ከ 0 እስከ π። የላይኛው 1 ይሰጣል፤ የታችኛው −1 ነው፤ ሲቀነስ 2 ይሆናል። የዘለሉት 1 አገኙ። የመቀነስ ምልክቱን የረሱት ደግሞ −2 አገኙ፤ sin x ከ 0 እስከ π ድረስ ከ x መስመር በላይ ሆኖ ሳለ ነጋቲቭ ውጤት ሲወጣ ትንሽ እንኳ አለመጠራጠራቸው ነው ያሳዘነኝ። e⁰ም 1 ነው፤ ∫₀¹ e²ˣ dx = (e² − 1)/2።

ስፋትና ኢንቴግራል። «በ y = x² − 2x እና በ x መስመር መካከል ከ x = 0 እስከ x = 3 ያለውን ስፋት ፈልጉ» የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ኢንቴግሬት ካደረጋችሁት 9 − 9 = 0 ይወጣል። ስፋቱ ዜሮ የሆነ መሬት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኩርባው በ x = 2 ላይ መስመሩን ያቋርጣል። ከ 0 እስከ 2 ከመስመሩ በታች ነው፣ ኢንቴግራሉ −4/3፤ ከ 2 እስከ 3 በላይ ነው፣ 4/3። ስፋቱ 8/3 ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ስፋት የሚል ቃል ካያችሁ፣ እርሳሳችሁ በመጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ሥዕል ነው፤ ረቂቅ ንድፍም ይበቃል። በሁለት ኩርባዎች መካከል ሲሆንም የላይኛው ሲቀነስ የታችኛው፤ የትኛው የላይኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ኩርባዎቹ በሚገናኙባቸው ነጥቦች መካከል ያለ አንድ የ x ቁጥር አስገብታችሁ ሞክሩ።

ስለ C ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቀናል። በምርጫ ፈተና ላይ +C መርሳት ጉዳት የለውም የሚል ወሬ ክፍሉን ዞሯል። f′(x) = 6x² − 4x፣ f(1) = 3 ቢባል f(2) ስንት ነው? f(x) = 2x³ − 2x² + C። f(1) = C ስለሆነ C = 3፣ f(2) = 11። C ን የረሳ 8 ያገኛል፤ 8ም ምርጫው ውስጥ ይጠብቀዋል።

ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ የክፍልፋይ መቀነስን ተለማመዱ፤ ከላይ ካልኋቸው ሁሉ በላይ ሰዓት የሚበላው እሱ ነው። ጥያቄው ሊሚት የሌለው ኢንቴግራል ሆኖ ምርጫዎቹም ፋንክሽኖች ከሆኑ ደግሞ ሁልጊዜ ኢንቴግሬት ማድረግ አይጠበቅባችሁም። የየምርጫውን ዴሪቬቲቭ ውሰዱ፤ የተሰጠውን ፋንክሽን የሚመልስላችሁ እሱ ነው መልሱ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በክፍላችን እገኛለሁ። የሞዴሉን ወረቀት እየወሰዳችሁ በቀይ ያሰመርኩበትን መስመር ራሳችሁ አርማችሁ አምጡ፤ መልሱን ብቻ ከጓደኛ ገልብጦ የመጣን አላይም። ለመጀመሪያ የምንሠራው ∫₀³ |x − 1| dx ነው። 3/2 ያገኘ ሰው ሥዕሉን ሳይሥል እንደመጣ አውቃለሁ።

የሒሳብ መምህራችሁ