ከፍሪሲዮን ወደ ባትሪ፦ ትንሿ ጋራዣችን ሥራ ጀምራለች

ሰላም ወዳጆቼ፣ ሰላም የሙያ ጓደኞቼ።

ወሬው ጆሯችሁ ገብቶ “እውነት ነው እንዴ?” እያላችሁ ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። አዎ፣ እውነት ነው። ለዓመታት የሠራሁበትን ጋራዥ በሰላም ተሰናብቼ ወጥቻለሁ። ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ጓደኛዬ ጋር ሆነን የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የምንጠግንበት አነስተኛ ጋራዥ ከፍተናል። ቦታው ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጋራዥ መብራት ኃይል መከፈቱ አጋጣሚ ነው፤ ብትስቁብኝም አልቀየምም።

ንግድ ፈቃዱ ወጥቷል፣ ሊፍቱ ተተክሏል፣ ሥራም ጀምረናል። ታፔላ ግን ገና አልሰቀልንም። በስም አልተስማማንም። ጓደኛዬ ዘመናዊ ነገር ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ሹፌር በስልክ ሲጠራው ምላሱን የማያስቸግረው ስም ይሁን እላለሁ። እስኪለይልን ድረስ በሰማያዊው የብረት በር ለዩን።

እኔን የምታውቁኝ በነዳጅ መኪና ነው። ፍሪሲዮን ሳወርድ፣ ካንዴላ ስቀይር፣ ኮሮላና ሃይሉክስ ስር ተኝቼ ነው ያገኛችሁኝ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ጋራዥ ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። አንዳንዱ “አይቆይም” አለ፣ አንዳንዱ “እንጀራችን አለቀ” አለ። ብዙም ሳይቆይ የድሮ ደንበኞቻችን አይዲ 4 እና ቢዋይዲ እየነዱ ይመጡ ጀመር። “እስቲ እያት” ይሉናል። ኮፈኑን ከፍተን እናያለን፣ ከማየት ግን አናልፍም። ይሄ ነገር እረፍት ነሳኝ። ማታ ማታ መማር የጀመርኩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናው። ስም ልጥራ ካልኩ አንዱን ማስቀረቴ ስለማይቀር፣ ሁላችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ሞተር በጆሮ ማዳመጥ ያስተማሩኝ የቀድሞ አለቃዬ። ጋሼ፣ እለቃለሁ ስልዎት ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን የጎደለኝን መፍቻ ከራስዎ ሳጥን እያወጡ ሰጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ። የነዳጅ መኪና ያላችሁ ደንበኞቼም አደራ፣ እሳቸውን ትታችሁ እኔን አትፈልጉ። እዚያ ጋራዥ ከእኔ የሚበልጡ ልጆች አሉ።

ዕቁብተኞቼ፣ ዕጣው ሳይደርሰኝ “ቅደም፣ ሥራህን ጀምር” ብላችሁ ገንዘቡን የለቀቃችሁልኝ ውለታ አይረሳም። ባለቤቴ፣ ለቤት ዕቃ ያስቀመጥነው ገንዘብ የመመርመሪያ ኮምፒውተር ሲሆን “ሶፋው ይቆየናል” ያልሽው አንቺ ነሽ። ሶፋው ይመጣል። ጓንጁ ሲነግድ የኖረው ጎረቤታችን ደግሞ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ቻይንኛ በፎቶ ስልክለት እኩለ ሌሊትም ቢሆን ተርጉሞ ይመልስልኛል። እሱ ባይኖር ይሄ ጋራዥ ባልተከፈተም ነበር።

እናቴ የመረቀችኝ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው። “ዘይት የማይቀየርለት፣ የማይጨስ መኪና ምኑ ይጠገናል?” አለች። ጥያቄዋ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

“መኪናዬ ሞተች” ተብሎ ሲደወልልን ቀድመን የምናየው ትልቁን ባትሪ ሳይሆን ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሞልቶ መኪናዋ ላትነሳ ትችላለች። ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎችና ኮምፒውተሮቹን የምታስነሳው ትንሿ ስለሆነች፣ እሷ ከደከመች ሁሉም ጸጥ ይላል። ለዚህ ብሎ በክሬን ተጭኖ የመጣ መኪና አይቻለሁ። ትንሿን ባትሪ መለወጥ ደግሞ ብዙ ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቻርጅ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቤት ውስጥ በ3.5 ኪሎዋት ከባዶ እስኪሞላ ወደ 17 ሰዓት ይፈጅበታል። ያን ሁሉ ሰዓት ከፍተኛ ኃይል ያለማቋረጥ የሚያልፈው፣ ብዙ ቤት ውስጥ፣ በቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ነው። ሶኬቱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ ያለፈም ሊመጣ ይችላል። ከቆጣሪው ለብቻው የተሳበ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከርና በደንብ የተቀበረ ግራውንድ ያስፈልጋል። እኛ ይህንን ቤት ድረስ መጥተን እናያለን። ከቻይና የመጡት መኪኖች የቻርጅ አፍ ከአውሮፓዎቹ ስለሚለይም፣ አስማሚ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁን። ርካሹ አስማሚ ብዙ ጊዜ ውድ ነው የሚሆነው።

ፍሬን ሸራ ከነዳጅ መኪና ይልቅ ይቆያል፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ስለሚይዛት። ጎማና ኩሽኔታ ግን መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ቶሎ ይጎዳሉ። ባትሪው ከሆዷ ስር ስለተዘረጋ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ያስነካ ሰው አንድ ጊዜ ሊፍት ላይ ወጥታ ብትታይለት ጥሩ ነው። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጎደለ ብላችሁ ግን የቧንቧ ውኃ እንዳትጨምሩ፣ አደራ!

ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ አትንኩ፣ ለሰፈር ኤሌክትሪሻንም አታስነኩ። ያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። እኛ ራሱ ኃይሉን አቋርጠን፣ ጠብቀን፣ ለካን፣ 1000 ቮልት የሚከላከለውን ጓንት አድርገን ነው የምንጠጋው።

የማንሠራውንም ልናገር። ትልቁን ባትሪ ፈተን ውስጡን አንጠግንም፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያም ክፍልም ገና የለንም። ምርመራ አድርገን ያለበትን ሁኔታ በወረቀት እንሰጣችኋለን። ቀጥቅጦ ማቃናትና ቀለምም የለም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ግን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ብታሳዩን ደስ ይለናል። ኪሎሜትር መቁጠሪያው ብቻውን ስለ ባትሪው ብዙ አይነግራችሁም።

በሙያው ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስለሚቀል ብቅ በሉ። ቡና አለ። የማውቀውን አሳያችኋለሁ፣ የማላውቀውን ታሳዩኛላችሁ። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ያላችሁ ደግሞ እንዳለን ብቻ ጠቆም አድርጉለት፣ ሌላው ይቀራል።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት አለን። ሥራ ሳንጀምር ዋጋውን እንነግራለን። ለጥያቄ ብቻም ቢሆን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቀን እጄ ቅባት ላይ ስለሚሆን መልሴ ማታ ሊደርስ ይችላል። ስትጽፉ የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ንገሩኝ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ቻይንኛ ከሆነም ላኩት፣ ጎረቤቴ ፈቅዷል።