የእጅ ፓምፖች ተበላሽተው እንዳይቀሩ፦ የፕሮጀክት መነሻ ሐሳብ

የሚፈጀው ጊዜ፦ 18 ወር
የምንጠይቀው ድጋፍ፦ 85 ሺህ ዶላር
ማህበራችን የሚሸፍነው፦ 10 ሺህ ዶላር (በደመወዝና በተሽከርካሪ)

ችግሩ

ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ የሚሰጥ አይጠፋም። ከምረቃው በኋላ ፓምፑን ማን ይጠግነዋል የሚለው ግን ባለቤት የለውም። በምንሠራባቸው 40 የውሃ ቦታዎች የተተከሉት አፍሪዴቭ ፓምፖች ናቸው። አፍሪዴቭ ሲነደፍም የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ቶሎ የሚያልቁት የፒስተኑ ጎማና የእጀታው ቡሽ ናቸው፤ ሁለቱም በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ዕቃዎች። ጎማው ሲበላ እጀታው ብዙ ተመትቶ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ቡሹ ሲያልቅ እጀታው ይወዛወዛል። በዚህ ደረጃ ቢያዝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳይያዝ ሲቀር ፓምፑ ይቆማል፣ ሴቶችና ልጆችም ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

ሳይያዝ የሚቀረው በሁለት ምክንያት ነው። መለዋወጫው በአቅራቢያ አይሸጥም። የሰለጠነው ጠጋኝም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ አካባቢውን ከለቀቀ ሙያው አብሮት ይሄዳል።

ምን እንሠራለን

ለእያንዳንዱ ፓምፕ ሁለት ጠጋኞች እናሰለጥናለን፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሆናለች። ስልጠናው እዚያው ፓምፑ ላይ፣ ፈቶ በመግጠም ነው። በገበያ ቦታ ሱቅ ላላቸው ሦስት ነጋዴዎች የመነሻ መለዋወጫ በዱቤ እንሰጣለን፤ ሸጠው ይከፍላሉ፣ በተመለሰው ገንዘብ ሌላ ዕቃ ይገባል። የውሃ ኮሚቴዎች ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ ሰብስበው መዝገብ እንዲይዙ እናግዛለን።

መለዋወጫ በነፃ አናድልም። ይህን አስበንበት ነው የወሰንነው። በነፃ የሚታደል ጎማ ነጋዴውን ከገበያ ያስወጣዋል፣ እደላው ሲያበቃም ሰው የሚገዛበት ያጣል።

ውጤቱን በምን እናውቃለን

አንድ ፓምፕ ከቆመ በስንት ቀን ተጠገነ? ዋናው መለኪያችን ይሄ ነው። ኮሚቴዎቹ የቆመበትንና የተጠገነበትን ቀን በስልክ ያሳውቁናል፣ እኛም በየሦስት ወሩ ሄደን እናመሳክራለን። ግባችን ብልሽቶች በ7 ቀን ውስጥ እንዲጠገኑ ነው። የሰለጠነ ሰው ብዛት በሪፖርት ላይ ያምራል፤ ውሃ ስለመኖሩ ግን አይናገርም።

ስጋት

በበጋ ውሃው የሚሸሽባቸው ጉድጓዶች አሉ። እነዚህን ጥገና አያድናቸውም። ለይተን ለሚመለከተው የውሃ ጽሕፈት ቤት እናሳውቃለን እንጂ በዚህ በጀት ቁፋሮ አንገባም።

በጀት

31 ሺህ ለስልጠና፣ 22 ሺህ ለክትትልና ጉዞ፣ 14 ሺህ ለመነሻ መለዋወጫ፣ 12 ሺህ ለሁለት ባለሙያዎች፣ 6 ሺህ ለአስተዳደር። የክትትሉ በጀት ከፍ ያለው የፓምፖቹ ቦታ ስለሚራራቅ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው

ሐሳቡ ከምትደግፉት ዘርፍ ጋር የሚሄድ ከሆነ የግማሽ ሰዓት ውይይት ብትፈቅዱልን ደስ ይለናል። ሙሉ ፕሮፖዛሉን ከዚያ በኋላ በስድስት ሳምንት እናደርሳለን። ዱቤው ላይ ጥያቄ ካላችሁ አስቀድማችሁ ብትነግሩን ይሻላል፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። የማይሆን ከሆነም አጭር «አይሆንም» ይበቃናል።